«እሺ» ያሰኛት ምንድን ነው? የሥራ ቦታ ኃይልን ከአጭር ታሪክ መለየት

ማኔጅመንት የተማረ ሰው ይህን ዓይነት የፈተና ጥያቄ በደንብ ያውቀዋል። ሁለት ሦስት መስመር ታሪክ ይቀርባል፤ አለቃው ይህን አለ፣ ሠራተኛዋ ይህን አደረገች። ከዚያ «የአለቃው የኃይል ምንጭ የትኛው ነው?» ይባላል። ምርጫዎቹ አምስት ናቸው፦ የመሸለም፣ የማስገደድ፣ ሕጋዊ፣ የሙያ እና የአርአያነት ኃይል። ሲያዩት ቀላል ነው። ግን ብዙ ሰው ይሳሳታል፤ የሚሳሳተውም ብዙውን ጊዜ ዓይኑ አለቃው ላይ ስለሚቀር ነው። ታሪኩ ውስጥ «ሥራ አስኪያጅ» የሚል ካየ ሕጋዊ ይላል፤ «ኢንጂነር» የሚል ካየ የሙያ ይላል። መልሱ ያለው ግን ሌላ ቦታ ነው።

ክፍፍሉን ያወጡት ጆን ፍሬንች እና በርትራም ሬቨን የተባሉ አሜሪካውያን የማኅበራዊ ሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ናቸው። ጽሑፋቸው የወጣው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1959 ነው። ብዙ መማሪያ መጻሕፍት አምስቱን ስም ወስደው ዋናውን ሐሳብ በአንድ መስመር ያልፉታል። ዋናው ሐሳብ ኃይል የሚለካው በተቀባዩ በኩል ነው የሚለው ነው። የመሸለም ኃይል አለ የሚባለው ታዛዧ «ይህ ሰው የምፈልገውን ሊሰጠኝ ይችላል» ብላ ስታምን ነው። የማስገደድ ኃይል «ሊጎዳኝ ይችላል» ስትል፣ ሕጋዊ ኃይል «ማዘዝ መብቱ ነው፣ መታዘዝም ግዴታዬ ነው» ስትል፣ የሙያ ኃይል «ይህን ነገር ከእኔ በላይ ያውቃል» ስትል ነው። የአርአያነት ኃይል ደግሞ «እንደ እሱ መሆን እፈልጋለሁ፣ በእሱ ዓይን መልካም ሆኜ መታየት እፈልጋለሁ» ስትል ነው። አለቃው ካዝና ሙሉ ሽልማት ቢኖረውም፣ እሷ ለእኔ አይሰጠኝም ብላ ካመነች በእሷ ላይ የመሸለም ኃይል የለውም።

ይህ በተግባር ምን ማለት እንደሆነ በአንድ ታሪክ እንየው።

ቦታው ለውጭ ገበያ የሚያመርት የልብስ ስፌት ፋብሪካ ነው። ዕለቱ ዓርብ፣ ሰዓቱ ከቀኑ 10 ሰዓት። ሥራ የሚያበቃው 11 ላይ ነው። የአንዱ መስመር ሱፐርቫይዘር በማሽኖቹ መሀል ቆሞ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ «ኮንቴይነሩ ነገ ጠዋት ይጫናል። ዛሬ እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት እንቆያለን» ይላል። ሌላ ነገር አልተናገረም። አላስፈራራም፣ ቃል አልገባም። ማንም አልተቃወመም፤ መስመሩ በሙሉ ቆየ።

ይህ ታሪክ ለፈተና ቢቀርብ አብዛኛው ሰው «ሕጋዊ» ብሎ ያከብብ ነበር። አለቃ አዘዘ፣ ሠራተኞች ታዘዙ። ለአንዳንዶቹ ልክ ነው። መጀመሪያ ረድፍ ላይ ኪስ የምትሰፋው ልጅ እንደዚያ ነው የምታስበው። ሥራ መመደብ የሱፐርቫይዘር ሥራ ነው፤ ጭነት ሲደርስ ማቆየትም ከሥራው አንዱ ነው። ነገ ሌላ ሱፐርቫይዘር ቢመጣና ይህንኑ ቢል እሱንም እሺ ትለዋለች። ኃይሉ ከሰውየው ይልቅ ከወንበሩ ነው የሚመጣው።

ከኋላዋ ያለችው ግን ገና በሙከራ ጊዜ ላይ ናት። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜ እስከ 60 የሥራ ቀን ሊሆን ይችላል፤ በዚያ ጊዜ ሠራተኛዋ ብቁ አይደለችም ከተባለች በቀላሉ ትሰናበታለች። የምዘናዋን ወረቀት የሚሞላው ይኸው ሱፐርቫይዘር ነው። እሱ ስለ ወረቀቱ ትንፍሽ አላለም። እሷ ግን ሌላ ነገር አላሰበችም። «እንቢ ካልኩ ይጽፍብኛል» ብላ ቆየች። ለእሷ ያው ትእዛዝ የማስገደድ ኃይል ነው። ዛቻ መሰማት የለበትም፤ እሷ መኖሩን ማመኗ ብቻ ይበቃል። ለዚህ ነው ብዙ አለቆች «እኔ ማንንም አስፈራርቼ አላውቅም» ሲሉ ከልባቸው የሚናገሩት፣ ሠራተኞቻቸው ደግሞ ከልባቸው የሚፈሯቸው። ሁለቱም እውነት ሊሆን ይችላል።

ሦስተኛዋ የቆየችው ለኦቨርታይሙ ነው። የወሩ መጨረሻ ደርሷል፣ የቤት ኪራይ አለ። እዚህ ላይ የመሸለም ኃይል ነው ለማለት አይቸኮል። የትርፍ ሰዓት ክፍያውን የወሰነው ሱፐርቫይዘሩ አይደለም። በአዋጁ መሠረት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ድረስ ለሚሠራ ትርፍ ሰዓት የመደበኛው የሰዓት ደመወዝ በ1.5 ተባዝቶ ይከፈላል። እሱ ኖረም አልኖረም ትከፈላለች። ስለዚህ ገንዘቡ ቢያስቆያትም፣ በእሷ ላይ ያለው የእሱ የመሸለም ኃይል ነው ማለት አይቻልም። ነገሩ የሚለወጠው ማን ኦቨርታይም እንደሚገባ የሚመርጠው እሱ ከሆነ ነው። ሃያ ሰው እየፈለገ ለአሥሩ ብቻ ቦታ ካለና ስም ዝርዝሩ በእሱ እጅ ከሆነ፣ ያኔ የሚሰጥና የሚነሳ ነገር ያዘ ማለት ነው። ሽልማት ያለበትን ታሪክ ስናነብ ይህን መጠየቅ ይገባል፦ የሽልማቱ ቁልፍ በማን እጅ ነው?

አራተኛዋን ያስቆያት ውለታ ነው። ባለፈው ወር ልጇ ታሞባት ሳለ ሱፐርቫይዘሩ ፈቃድ ሰጥቷት፣ ሽፍቷንም በሌላ ሰው አሸፍኖላታል። ዛሬ «እሱ ያኔ እንደዚያ ሆኖልኝ እኔ እንዴት እሄዳለሁ?» አለች። ይህንን ሽልማት የሚሉ አሉ፤ ፈቃድ ሰጥቷታላ! ግን ሽልማት የሚያሠራው ወደፊት በሚመጣ ነገር ተስፋ ነው። እሷ ወደፊት የምትጠብቀው ነገር የለም። የምትከፍለው ያለፈውን ነው። ሬቨን በኋላ በጻፋቸው ሥራዎች ይህን ከሕጋዊ ኃይል ሥር መድቦታል፤ ውለታ የዋለልኝ ሰው የመጠየቅ መብት አለው የሚል እምነት ነውና። ያገራችንን ሰው ለሚያውቅ ይህ አመዳደብ እንግዳ አይሆንም። ውለታ እንደ ሕግ ያስራል።

አምስተኛዋ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም በጣም የሚያሳስተው እዚህ ነው። በመስመሩ ጫፍ ኮሌታ የምትገጥም በዕድሜ ጠና ያለች ሴት አለች። ልጆቹ «እትዬ» ነው የሚሏት። ምንም የሥራ ኃላፊነት የላትም። ሱፐርቫይዘሩ ተናግሮ ሲጨርስ እትዬ አንገቷን አነቃንቃ ክሯን ቀየረችና ቀጠለች። አጠገቧ ያለችው ወጣት ቦርሳዋን አንስታ ነበር። እትዬን አየቻትና መልሳ አስቀመጠችው። ይህችን ወጣት ያስቆያት ሱፐርቫይዘሩ አይደለም፣ እትዬ ናት፤ እትዬ ደግሞ አንድም ቃል አልተናገረችም።

ታዲያ የእትዬ ኃይል ምንድን ነው? አርአያነት ነው ብሎ መዝጋት ይቀላል። ግን ፍሬንችና ሬቨን ራሳቸው ባህል ለአንዳንድ ሰው የማዘዝ መብት እንደሚሰጥ ጽፈዋል፤ ከጠቀሷቸው ምሳሌዎች አንዱ ዕድሜ ነው። በእኛ ዘንድ ታላቅ ይከበራል። ወጣቷ የቆየችው «ትልቅ ሰው ተቀምጣ እኔ ተነስቼ መሄድ ነውር ነው» ብላ ከሆነ፣ ኃይሉ ሕጋዊ ነው። የቆየችው «እንደ እትዬ ጠንካራ ሠራተኛ መሆን እፈልጋለሁ፣ ፊቷ ላይ ቅር ያላት መስሎ ማየት አልፈልግም» ብላ ከሆነ አርአያነት ነው። እንዴት እንለያለን? ሴትዮዋን በሐሳብ መቀየር ነው። በእትዬ ቦታ በዕድሜ የእትዬ እኩያ የሆነች፣ ግን ወጣቷ ብዙም የማትወዳት ሌላ ሴት ብትቀመጥስ? ያኔም ቦርሳዋን ብታስቀምጥ የዕድሜ ነገር ነው። ቦርሳዋን ይዛ ብትወጣ ግን ያስቆያት የእትዬ ማንነት ነው። ብዙ ጊዜ ሁለቱ ተደባልቀው ነው የሚገኙት፤ ፈተና ላይ ግን ጥያቄ አውጪው አንዱን የሚጠቁም ቃል ይተዋል። «ታደንቃታለች»፣ «እንደ እሷ መሆን ትመኛለች»፣ «እንዳትቀየማት ትጠነቀቃለች» የሚሉት ወደ አርአያነት ይመራሉ።

አሁን የሙያ ኃይል ይቀረናል። 12 ሰዓት ተኩል ላይ አንዱ የኦቨርሎክ ማሽን ክር መበጠስ ጀመረ። መካኒኩ መጣ። በደረጃ ከሱፐርቫይዘሩ በታች ነው። ማሽኑን አስነስቶ ለጥቂት ጊዜ ድምፁን ሰማ፤ ከዚያ «ይሄ ማሽን በዚህ ፍጥነት አይሠራም። ፍጥነቱን ቀንሱ፣ አለዚያ ሌሊቱን ሙሉ ክር ስትቀጥሉ ታድራላችሁ» አለ። ሱፐርቫይዘሩ ጭነት እያሳደደው፣ ሰዓት እያየ፣ «እሺ ቀንሱ» አለ። ኃይል ከታች ወደ ላይም ይሄዳል። ሱፐርቫይዘሩ ስለ ማሽን ከመካኒኩ ያነሰ እንደሚያውቅ ያምናል፤ እውነቱን እንደሚነግረውም ያምናል። ሁለቱም ያስፈልጋሉ። ዐዋቂ ነው ግን ይዋሻል ተብሎ የሚታሰብ ሰው የሙያ ኃይል የለውም።

የሙያ ኃይል አጥሩ ጠባብ ነው። ያው መካኒክ ቀጥሎ «ልጆቹን በዚህ ረድፍ ብታስቀምጣቸው ይሻላል» ቢል ሱፐርቫይዘሩ ላይሰማው ይችላል። ፍሬንችና ሬቨን የሙያ ኃይልን ከአጥሩ ውጪ ለመጠቀም መሞከር በውስጡ ያለውንም እምነት ሊሸረሽር ይችላል ይላሉ። በየመሥሪያ ቤቱ የምናየው ነገር ነው፤ በኮምፒውተር ጉዳይ ሁሉም የሚሰማው ልጅ ስለ ሰው ቅጥር አስተያየት መስጠት ሲያበዛ፣ ቀስ በቀስ ስለ ኮምፒውተሩም «ይሄ ደግሞ ሁሉን ዐውቃለሁ ባይ ነው» ይባላል። የአርአያነት ኃይል በዚህ ይለያል። አጥሩ ሰፊ ነው። እትዬ ስለ ስፌት ብቻ ሳይሆን ስለ ዕቁብ፣ ስለ ትዳር፣ ስለ ልጅ አስተዳደግም ብትናገር ትሰማለች። ታሪኩ ውስጥ ሰውየው የሚሰማው በአንድ ጉዳይ ብቻ ከሆነ ሙያ ነው፤ በማይመለከተው ጉዳይም ከተሰማ አርአያነት ሊሆን ይችላል።

መካኒኩ ሌላ መንገድም ነበረው። መርፌውን ነቅሎ በመብራት ሥር ለሱፐርቫይዘሩ ቢያሳየው፣ ጫፉ መታጠፉን ሱፐርቫይዘሩ በገዛ ዓይኑ ቢያይ፣ ያኔ መርፌው እንዲቀየር የሚያደርገው መካኒኩን ማመኑ ሳይሆን ያየው ነገር ነው። ይህ የመረጃ ኃይል ይባላል። ሬቨን በ1965 (እ.ኤ.አ.) ስድስተኛ አድርጎ ጨምሮታል። ልዩነቱ መካኒኩ ከሄደ በኋላ ይታያል። «እሱ ስላለ» የሚለው ሰው ነገ መካኒኩ ሥራ ሲለቅ ግራ ይገባዋል። መርፌውን ያየው ግን ከዚህ በኋላ ራሱ ያያል።

ወደ መስመሩ እንመለስ። 1 ሰዓት ላይ ሱፐርቫይዘሩ ወደ መጋዘን ተጠራና ወጣ። በዚህ ሰዓት አምስቱን ምንጮች መለየት ቀላል ይሆናል። በሙከራ ጊዜ ላይ ያለችው ልጅ እጇ ቀዘቀዘ፤ ዓይኗ በር በሩን ያያል። እሱ ከሌለ የሚያስፈራት ነገር የለም። ከዚህ የሚብሰው ሌላው ነው። ስፌቷ አንድ ቦታ ዘሎባታል። እሱ እያለ ብትናገር «ጥፋት ነው» ይባላል ብላ ፈርታ፣ ልብሱን አጥፋ ካለቁት ልብሶች ሥር ከተተችው። የማስገደድ ኃይል ክትትል ይፈልጋል። ክትትሉም የሚታየውን ብቻ ነው የሚይዘው፤ ብዛቱ ይቆጠራል፣ የዘለለው ስፌት ግን ካርቶን ውስጥ ገብቶ ገዢው ጋ ይደርሳል። በማስገደድ በሚመራ ክፍል ውስጥ ሪፖርቱ ሁልጊዜ ጥሩ ነው፣ ቅሬታው የሚመጣው ከውጭ ነው። እኔ በአንድ የሥራ ክፍል ምን እንዳለ ማወቅ ብፈልግ መጀመሪያ የምጠይቀው ስህተት እንዴት እንደሚታወቅ ነው። ሠራተኛው ራሱ ያመጣዋል ወይስ ተፈልጎ ነው የሚገኘው?

የመሸለም ኃይልም ክትትል ይፈልጋል፤ ግን ክትትሉን ሠራተኛዋ ራሷ ትረዳዋለች። ሽልማቷን ስለምትፈልግ ሥራዋን ታሳየዋለች፤ የሠራችውን ቆጥራ ታስመዘግባለች። ሕጋዊውን የተቀበለችው፣ ውለታ ያለባትና እትዬን የምትከተለው ግን እሱ ወጣ ገባ ቢልም ብዙም አልተለወጡም። አጭር ታሪክ ስታነቡ «አለቃው ባያየውስ?» ብላችሁ ጠይቁ። ሥራው የሚቆም ከሆነ ከሽልማትና ከማስገደድ አንዱ ነው። የሚቀጥል ከሆነ ከቀሩት ከሦስቱ አንዱ ነው።

ሽልማትና ማስገደድ ራሳቸው ሲምታቱስ? ሱፐርቫይዘሩ «ዛሬ ያልቆየ የዚህ ወር የመገኘት ቦነስ የለውም» ብሎ ቢሆንስ? ቦነስ ሽልማት ነው፣ መከልከል ቅጣት ነው። ፍሬንችና ሬቨን ይህን አንስተው መልሱን የሚሰጠው ሁኔታው በተቀባዩ ዘንድ ምን እንደሚመስል ነው ብለዋል። ቦነሱ በየወሩ ያለማቋረጥ ሲከፈል ከኖረ፣ እሷም በእሱ ኪራይ የምትከፍል ከሆነ፣ በእሷ ሐሳብ ያ ገንዘብ የራሷ ነው። ስለዚህ «የለም» ሲባል የሚሰማት መቀማት ነው፤ ማስገደድ ነው። ቦነሱ ገና ዛሬ የተነገረ አዲስ ነገር ከሆነ ግን ያው አባባል ሽልማት ሆኖ ይሰማል። ብዙ ድርጅቶች ማበረታቻ ብለው የጀመሩት ነገር ከዓመት በኋላ ማስፈራሪያ የሚሆነው በዚህ መንገድ ነው፤ ማንም ደንቡን ሳይቀይር። ጉዳቱም የተለያየ ነው። ሽልማት ሰጪውን ያስወድዳል፣ ማስገደድ ደግሞ አስገዳጁን ያስጠላል፤ ሁለቱ ተመራማሪዎች እንደሚሉት በገንዘብ መጠን እኩል ቢሆኑ እንኳ በሰዎቹ መካከል የሚተዉት ስሜት ተቃራኒ ነው።

ሕጋዊ ኃይልም የራሱ አጥር አለው። በዚያው አዋጅ ትርፍ ሰዓት በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት መብለጥ አይችልም፤ ከተወሰኑ አስቸኳይ ሁኔታዎች በቀርም ሠራተኛ ትርፍ ሰዓት እንዲሠራ አይገደድም። ሱፐርቫይዘሩ ዛሬ የጠየቀው 3 ሰዓት ነው፤ ከዕለቱ ጣሪያ በታች ነው። በዚሁ ሳምንት ግን ሰኞ፣ ማክሰኞና ረቡዕ አራት አራት ሰዓት አቆይቷቸው ከነበረ የሳምንቱን 12 ጨርሷል። ያኔ ያቺ ኪስ የምትሰፋው ልጅ «ማዘዝ መብቱ ነው» ማለቷን ልታቆም ትችላለች፤ አዋጁን ባታውቅም እንኳ «ይሄ ከልክ አለፈ» የሚል ስሜት አላት። ያኔም ልትቆይ ትችላለች። ግን የቆየችበት ምክንያት ተለውጧል። ለደሞዟ ፈርታ ነው የቆየችው። ሱፐርቫይዘሩ የተናገረው ያንኑ ዓረፍተ ነገር ነው፣ ወንበሩም ያው ወንበር ነው፤ በእሷ ላይ ያለው ኃይል ግን ከሕጋዊ ወደ ማስገደድ ተሻግሯል። ለእሱ የሚታየው ለውጥ የለም። እሷ አሁንም «እሺ» ነው የምትለው።

ለፈተና የሚዘጋጅ ሰው ከዚህ የሚይዘው የአነባበብ ቅደም ተከተል አለ። ታሪኩን ሲያነብ መጀመሪያ የታዘዘውን ሰው ይፈልግ፤ ከዚያ ለምን እንደታዘዘ የሚናገረውን ሐረግ ያስምርበት። «ስለምትፈራ»፣ «ዕድገት ስለምትጠብቅ»፣ «ስለምታምነው» የሚሉት ሐረጎች ከማዕረጉ ይልቅ ይመራሉ። ሐረጉ ከሌለ ሁለቱን ነገር ይሞክር፦ አለቃው ባያይስ? በወንበሩ ሌላ ሰው ቢቀመጥስ? ታሪኩ ለእነዚህ ምንም ፍንጭ ካልሰጠ ጥያቄው ራሱ ጎደሎ ነው፤ እንደ ዓርቡ ትእዛዝ አንድ መልስ የለውም። ያኔ የሚሻለው «ሕጋዊ» ብሎ መገመት ሳይሆን፣ መምህሩን ሠራተኛዋ ምን አስባ እንደቆየች መጠየቅ ነው።